ማታ የማይከዳ ቀለም

አሁን አሁን ዩቲዩብ ላይ የሚወጡ ብዙ ፊልሞቻችን አንድ የጋራ ችግር አላቸው። ቀን ላይ አንድ ፊልም ናቸው፣ ማታ ላይ ሌላ። ቀን ላይ ግቢው፣ ልብሱ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም በየራሱ ቀለም ይጮኻል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ቤቱ በሰማያዊና በወይን ጠጅ መብራት ይጥለቀለቃል። ተዋናይዋ ያቺው ናት፣ ታሪኩም ያው ነው። ስሜቱ ግን ተቆርጧል። ተመልካች ምክንያቱን ላያውቀው ይችላል። "ምን እንደሆነ እንጃ፣ አልያዘኝም" ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

አንዱ ምክንያት መብራት መርከሱ ነው። ቀለም የሚቀያይር ኤልኢዲ ዛሬ ትንሽ አቅም ያለው ቡድን እጅ ውስጥም አለ። ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ሌሊቱ ሰማያዊ፣ ደግመው ሲነኩት ቀይ ይሆናል። ምርጫ ሲበዛ ዓይን አዋጅ ይሆናል፤ ትዕይንቱ ምን ይፈልጋል የሚለው ቀርቶ መብራቱ ምን ይችላል የሚለው ይቀድማል።

መድኃኒቱ ውስን ቀለም ነው ይባላል። ሦስት ወይም አራት ቀለም መርጦ ልብሱንም፣ ቤቱንም፣ ዕቃውንም በነሱ መገደብ። ልክ ነው። ግን ምርጫው የሚደረግበት ሰዓት ራሱ ችግር አለው። አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የሚመረጠው በጠራራ ቀን፣ ቢሮ ቁጭ ተብሎ፣ ከኢንተርኔት ከተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው። የማታው ነገር "መብራት ሲመጣ እናየዋለን" ይባልና ይታለፋል። እኔ የምለው ተገላቢጦሹን ነው። ቀለም ከማታው ትዕይንት ተነስቶ ይመረጥ። ማታ የቆመ ቀለም ቀን ላይ እምብዛም አያስቸግርም። ቀን ያማረው ግን ማታ ሊከዳ ይችላል።

ለምን ይከዳል? ጨርቅ የራሱ ብርሃን የለውም። ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ የሚስማማውን መልሶ ይወረውራል፣ ሌላውን ይውጣል። የቀን ብርሃን ውስጥ ከቀይ እስከ ሰማያዊ ሁሉም በርከት ብሎ ስላለ ሁሉም ጨርቅ የሚወረውረው ያገኛል። የፋኖስ ብርሃን ውስጥ ግን ሰማያዊው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ሻሽ ፋኖስ ፊት ሲቀርብ የሚወረውረው ነገር ያጣና ይጠቁራል። በተቃራኒው በሰማያዊ መብራት ብቻ በተሠራ "የጨረቃ ብርሃን" ውስጥ ቀይ ሻሽ ጥቁር ይሆናል።

የዓይናችንም ባሕርይ አለበት። የቼክ ተመራማሪው ፑርኪንዬ እ.ኤ.አ. በ1819 ገደማ እንዳስተዋለው፣ ቀን ላይ የሚያበራ ቀይ አበባ ጎሕ ሲቀድ ከቅጠሉ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ብርሃን ሲያንስ ዓይን ለቀይ ይደክማል፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ይነቃል። ሌሊት ሰማያዊ የሚመስለን በአብዛኛው በዚህ እንደሆነ ይታሰባል። ጨረቃ ራሷ ሰማያዊ አይደለችም። የፀሐይን ብርሃን መልሳ የምትሰጥ ስለሆነች እንዲያውም ከቀን ብርሃን ትንሽ ሞቅ ትላለች። ስለዚህ ፊልም ላይ ያለው የሌሊት ሰማያዊ የስሜት ምርጫ እንጂ ግዴታ አይደለም። ምን ያህል ሰማያዊ እንደሚሆን የምንወስነውም እኛ ነን።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ወሎ ውስጥ የሚቀረጽ ፊልም እንበል። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የጭቃ ቤት ነው። እናት ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች ቆይታለች። ቀን ቀን እናት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ማታ ማታ ስልክ ይጠብቃሉ። የፊልሙ ስሜት አንድ ነው፤ ናፍቆት። ወሎ ለዚህ ስሜት እንግዳ አይደለም። የትዝታ ቅኝት በአምስት ድምፅ ብቻ ሰውን እንደሚያስለቅስ፣ ይህም ፊልም በአራት ቀለም ቀንና ሌሊቱን መሸከም አለበት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀለሞች መምረጥ አያስፈልግም፣ ቦታው ራሱ ይሰጣል። አንደኛው የጉም ግራጫ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ሰፈሩን ይሸፍነዋል። ኩታበር አካባቢም ደጋ ነው። ሁለተኛው የጭቃው ግድግዳ ቡናማ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ጀበናም፣ መደቡም፣ ምሰሶውም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሦስተኛው የጋቢው ነጭ ነው። እሱ ግን እንዳለ አይወሰድም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛው ነው ጣጣው። ስሜቱን የሚሸከመው፣ በቁጥር ትንሽ፣ በዓይን ግን የሚታደነው ቀለም እሱ ነው። እናት ልጃቸው ትታላቸው የሄደችውን ሻሽ ራሳቸው ላይ ያስራሉ እንበል። ሻሹ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን? ሦስት እጩ እንያዝ። ቀይ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ እና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ።

ሙከራው ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከየጨርቁ የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይቆረጥ። አንድ የጋቢ ቁራጭም ይጨመር። ሁሉንም ጎን ለጎን በሚቀረጽበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሌላ ግድግዳ ላይ አይደለም፣ እዚያው ላይ። ከዚያ ካሜራውን አንድ ቦታ ተክላችሁ በጉም፣ በፀሐይ፣ በፋኖስ ብርሃን፣ በቀዝቃዛ መብራት አንሱ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ዋይት ባላንሱ፣ ማለትም ካሜራው የትኛውን ብርሃን ነጭ ብሎ እንደሚይዝ የሚወስነው ማስተካከያ፣ በእጅ ይቆለፍ። አውቶማቲክ ከሆነ ካሜራው የፋኖሱን ቢጫነት "ላስተካክል" ብሎ ያጠፋዋል፣ ሙከራውም ከንቱ ይቀራል።

ቀዩ ቀን ላይ ያሸንፋል። በጉም ውስጥ ከሩቅ ይጣራል። ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ምርጫው ያልቅ ነበር። ፋኖሱ ሲበራ ግን ነገሩ ይለወጣል። የፋኖስ ብርሃን ቤቱን በሙሉ ወደ ብርቱካናማ ይስበዋል። ግድግዳው ብርቱካናማ፣ ፊቱ ብርቱካናማ፣ ቀዩም ወደዚያው ይሄዳል። ይታያል፣ ግን ከግድግዳው ጋር ዝምድና ፈጥሯል። ደጅ ወጥተው በሰማያዊ መብራት ሲቀረጹ ደግሞ ከነጭራሹ ይጠቁራል። እናት ራሳቸው ላይ ጥቁር ያሰሩ ይመስላል። በእኛ አገር ደግሞ ጥቁር ሻሽ ሐዘን ነው። ፊልሙ ሳያስበው ልጅቷን ገደላት ማለት ነው።

ቢጫው የሚወድቀው በሌላ መንገድ ነው። በፋኖስ ብርሃን ነጩ ጋቢ ራሱ ቢጫ ይሆናል። ሻሹና ጋቢው ይቀላቀላሉ። ፎቶውን አጥብቃችሁ ብታዩ እንኳ ሻሹ የት ላይ አልቆ ጋቢው የት ላይ እንደጀመረ መለየት ያስቸግራል። በቀዝቃዛ መብራት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፣ ያረጀ ይመስላል።

አረንጓዴ ያዘለው ሰማያዊ ቀን ላይ ከሁሉም ዝምተኛው ነው። ከጉሙ ጋር የሥጋ ዘመድ ስለሆነ አይጮኽም፣ ግን ይለያል። ፋኖስ ፊት ሲቀርብ ይሞታል። ጠቆር ያለ አረንጓዴ ግራጫ ይሆናል፣ ቀለም መሆኑም ያጠራጥራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጥለዋል። እኔ ግን እዚሁ ላይ ነው የምመርጠው።

ምክንያቱ ስልኩ ነው። የስልክ ስክሪን ብርሃን ቀዝቃዛ ነው፣ 6500 ኬልቪን አካባቢ። የኬልቪን ቁጥር ዝቅ ሲል ብርሃኑ ይሞቃል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል። የፋኖስ ነበልባል 1900 ገደማ ነው። አሁን ትዕይንቱን አስቡት። መብራት ጠፍቷል። እናት ፋኖስ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቤቱ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፣ ሻሹ ጨለማ ውስጥ ጠፍቷል። ስልኩ ይጠራል። አንስተው ፊታቸው አጠገብ ይዘው በላውድ ስፒከር ሲያወሩ የስክሪኑ ብርሃን ጉንጫቸውን አልፎ ሻሹን ይነካዋል። ቀኑን ሙሉ ያየነው ሰማያዊ በድንገት ይነቃል። ጥሪው ሲያልቅና ስክሪኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ ይህ ቀለም ቀንና ሌሊትን የሚያያይዘው በሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኖ በመታየት አይደለም። ቀን ላይ ሁልጊዜ አለ፣ እናትም በሥራ ተጠምደው አያስተውሉትም። ሌሊት ደግሞ ልጅቷ ስትደውል ብቻ አለ። ለተመልካች ማንም ይህን አያብራራለትም። ሁለተኛው ጥሪ ላይ ግን ዓይኑ ሻሹን መጠበቅ ይጀምራል።

ቀዩ ይህን ሥራ ይሠራ ነበር? አይሠራም። ሁልጊዜ ፋኖሱ ስለሚቀሰቅሰው ከስልኩ የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም። የቀለም ምርጫና የመብራት ምርጫ አንድ ውሳኔ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። አልባሳት የሚገዛውና መብራት የሚተክለው ሰው ተለያይተው ከሠሩ እንዲህ ያለ ነገር በዕድል ካልሆነ አይገኝም።

ሥራው ላይ ሲገባ ግን እውነተኛው ፋኖስም፣ እውነተኛው ስልክም አይበቁም። ሁለቱም ደካማ ናቸው። የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም በነሱ ልክ ከፍ ሲያደርጉት ጥቁሩ ሁሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ስለዚህ ፋኖሱ እየበራ፣ ካሜራ ከማያየው ጎን በኩል 2700 ኬልቪን የሚሆን ትንሽ አምፖል ይደገፋል፣ ፊቱም በስስ ጨርቅ ይሸፈናል። ቁመቱ ከፋኖሱ ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ከመጣ ተመልካች ይነቃበታል፤ ፋኖስ መሬት ላይ ሆኖ ጥላ ወደ ታች አይጥልም። ለስልኩ ደግሞ እጅ ላይ የምትያዝ ትንሽ ኤልኢዲ 6000 አካባቢ ላይ ትደረግና ስልኩ ባለበት አቅጣጫ ትያዛለች። የካሜራው ዋይት ባላንስ 4000 ወይም 4300 ላይ ይቆለፋል። እዚያ ላይ ሞቃቱ ሞቅ ብሎ፣ ቀዝቃዛው ቀዝቀዝ ብሎ ይታያል፣ ሁለቱም ግን አይንዛዙም። 5600 ላይ ቢተው ኖሮ ቤቱ ዱባ ወጥ ውስጥ የወደቀ ያህል ብርቱካናማ ይሆን ነበር። 3200 ላይ ደግሞ ስልኩ የፖሊስ መኪና መብራት ይመስላል።

የቀኑ ትዕይንት 5600 ላይ ይቆለፍ። ጉም ያለበት ቀን ብርሃኑ ከዚያ ስለሚቀዘቅዝ ምስሉ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አታስተካክሉት። ለሌሊቱ ጥሪ መንገድ የሚጠርገው ይህ ቅዝቃዜ ነው።

አሁን ወደ ጋቢው። ነጭ ጨርቅ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን መልሶ ይወረውራል። የጠይም ሰው ፊት የዚያን ሩብ ቢወረውር ነው። ስለዚህ እናት ንጹሕ ነጭ ጋቢ ደርበው ሲቀመጡ ካሜራው አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል። ፊታቸውን በደንብ ልያዝ ሲል ጋቢው ይቃጠላል፣ ጥለቱም ሽመናውም ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ጋቢውን ላድን ሲል ፊታቸው ይጨልማል። ማታ ላይ ደግሞ ይብሳል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከፊታቸው ይልቅ ትከሻቸው ያበራል።

የአልባሳት ባለሙያዎች መፍትሄ የቆየ ነው። ነጩን ሻይ ውስጥ ይነክሩታል። እናቶች ይህን ሲሰሙ መደንገጣቸው አይቀርም። "ምነው ልጄ! ስንት ታጥቦ የነጻ ጋቢ!" ይላሉ፣ እውነትም አላቸው። ስለዚህ የሰው ጋቢ አትንከሩ፣ ለፊልሙ የሚሆን ይገዛ። ጥቁር ሻይ ወፍራም ሆኖ ይፈላል። ቅጠሉ ተጠልሎ ይወጣል፣ አለዚያ ነጠብጣብ ይጥላል። ጋቢው መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ መራስ አለበት፤ ደረቁን ከገባ ቶሎ የነካው ቦታ ይጠቁርና ዝንጉርጉር ይሆናል። ሩብ ሰዓት ያህል እያገላበጡ ማቆየት፣ ከዚያ ማለቅለቅ። እርጥብ እያለ ከሚፈለገው ጠቆር ብሎ ቢታይ አያስደነግጥ፣ ሲደርቅ ይፈካል። ሻይን በደንብ የሚይዘው እንደ ጥጥ ያለ የተፈጥሮ ክር ነው። ሰው ሠራሽ ክር የገባበት ጋቢ ምንም ያህል ቢነከር እምብዛም አይቀበልም፤ ገበያ ላይ ሻጩ "ንጹሕ ጥጥ ነው" ያለው እውነት መሆን አለመሆኑም እዚያው ይታወቃል።

ውጤቱ ለዓይን አሁንም ነጭ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው የተለወጠ ነገር መኖሩን ላያይ ይችላል። ለካሜራው ግን ከፊት ጋር ያለው ርቀት ጠቧል። ሌላም ጥቅም አለው። ነጭ ጨርቅ የመጣበትን ብርሃን ሁሉ ይለብሳል። ጉም ውስጥ ግራጫ፣ ፋኖስ ፊት ወርቃማ፣ ጨረቃ ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ከአራቱ ቀለሞች ውስጥ በየሰዓቱ የሚለዋወጠው እሱ ብቻ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ሰዓቱን የሚናገረው ጋቢው ነው፣ ስሜቱን የሚናገረው ሻሹ።

ከዚህ በኋላ የሙከራ ፎቶዎቹን ሁሉ ጥቁርና ነጭ አድርጓቸው። ስልክ ላይ አንድ ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ቀለሙ ሲጠፋ ግድግዳው፣ ሻሹ፣ ፊቱና ጋቢው በድምቀት ብቻ ተለይተው መቆም አለባቸው። ሻሹና ግድግዳው አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ቀን ላይ በቀለም ተለያይተው ይታያሉ፣ ማታ ቀለም ሲደክም ግን ይዋሐዳሉ። የኛ ሰማያዊ ሻሽ ከግድግዳው አንድ ደረጃ ጠቆር ወይም ፈካ ማለት አለበት። እኔ ፈካ ያለውን እመርጣለሁ። ስልኩ የሚቀሰቅሰው ነገር ሊኖረው ይገባላ። በጣም የጠቆረ ሰማያዊ ከሆነ ምንም ብታበሩበት አይነሳም።

የውጭው ሌሊት የራሱ ፈተና አለው። እናት ኔትወርክ ፍለጋ ቤታቸው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ይወጣሉ እንበል። እዚህ ጋ ነው ብዙው ቡድን ኤልኢዲውን ጥልቅ ሰማያዊ ላይ አድርጎ የሚለቀው። የጠይም ቆዳ ግን ብዙ የሚወረውረው ቀይና ብርቱካናማውን ነው፣ ሰማያዊውን ይውጣል። በንጹሕ ሰማያዊ መብራት የተመታ ጠይም ፊት ስለዚህ ይጠፋል። ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ባለመብራቱ "ጨለመ" ብሎ ይጨምራል፣ ሲጨምር ደግሞ የካሜራው ሰማያዊ ክፍል ሞልቶ ይፈሳል። ጋቢው ያለ ምንም ዝርዝር ሰማያዊ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ምልክቱን ሞኒተር ላይ ማየት ይቻላል። የጋቢው እጥፋቶች ጠፍተው ወጥ ቀለም ብቻ ከታየ መብራቱ ከመጠን በላይ ሰማያዊ ነው።

የሚያዋጣው መጠነኛ ቅዝቃዜ ነው። መብራቱ ተራ 5600 ነጭ ይሁን፣ ካሜራው 4000 ላይ ይቆለፍ። ምስሉ በራሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ብርሃኑ ግን ውስጡ ቀይም ስላለው ፊት ይኖራል። ይህ ለሻሹም ይጠቅማል። ወጥ ሰማያዊ መብራት ውስጥ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ስለሚሆን የሻሹ ሰማያዊ ልዩ መሆኑ ይቀራል።

ከዚህም የተሻለ አማራጭ አለ፣ ዋጋውም ጊዜ ብቻ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ገና ብርሃን እያለ መቅረጽ። ችግሩ የኛ አገር ምሽት አጭር ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ጨለማውም ቶሎ ይመጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እጅ ላይ ያለው ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ልምምዱ አስቀድሞ ካላለቀ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሾት ማውጣትም ይከብዳል። በዚያ ላይ ሐምሌ ላይ ጉሙ ከመጣ ሰማዩ አስቀድሞ ይዘጋል።

ስለ ሐምሌ ካነሳን፣ ማንም ያልመረጠው አምስተኛ ቀለም አለ። አረንጓዴ። ጉም እንፈልጋለን ብለን ክረምት ላይ ስንሄድ ሣሩም አብሮ ይመጣል። ይህ ወሎ ላይ የማይቀር ነው። ጉሙ ራሱ ግን ያግዛል። ሩቅ ያለውን ተራራና ባሕር ዛፉን ያጥባቸዋል፣ ወደ ግራጫ አረንጓዴ ይወስዳቸዋል። ያ ለሻሹ ዘመድ ነው፣ ይግባ። የሚያውከው ካሜራው እግር ሥር ያለው ሣር ነው። ካሜራው ከፍ ይበል፣ ወይም ተዋናይዋ በግድግዳና በአጥር ፊት ትቁም። ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ሣሩ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ይቀየርና ያበራል። ያን ጊዜ ወደ ቤት ውስጥ ትዕይንት መግባት ነው የሚሻለው።

የቀረ ሾት ካለ "ጥር ላይ እንመለስበታለን" የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። ጥር ላይ ያው ተራራ የገለባ ቀለም ይዞ ነው የሚጠብቀው። በግሬዲንግ፣ ማለትም ከቀረጻ በኋላ ቀለም በማስተካከል፣ አረንጓዴን ማደብዘዝ ይቻላል፣ ገለባን አረንጓዴ ማድረግ ግን ፊቱንም ጋቢውንም ይዞ ይበላሻል። መመለስ ግድ ከሆነ ተራራው የማይታይበት፣ ደጃፍ ላይ የሚያልቅ ሾት ብቻ ይተው።

ሌላው ሰርጎ ገብ ቢጫው ጀሪካን ነው። በየቤቱ አለ፣ በየሾቱ ጥግ ላይ ይቆማል። ከሻሹ ይልቅ ዓይን የሚስበው እሱ ነው። እንስራ ለመተካት የሚቸኩሉ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ውሃ በጀሪካን የሚቀዳበትን ቤት የባህል ሙዚየም ያደርገዋል። አመድና ውሃ ለውሶ ቀባ ማድረግ፣ ወይም ጭስ የጠገበ አሮጌ ጀሪካን ፈልጎ ማምጣት ይበቃል። ጀሪካን መሆኑ ይታወቃል፣ ግን አይጮኽም። ባጃጅ በዚያ ካለፈች ግን ሰማያዊዋ የሻሹን ድርሻ ስለምትወስድ ሾቱ ይደገማል።

ልጅቷ የምትሸኝበት ትዕይንት ኮምቦልቻ ነው እንበል። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ብርሃኗም ሌላ ነው። አዲስ ቀለም መጨመር አያስፈልግም። ያው አራቱ ይሁኑ፣ መጠናቸው ብቻ ይለዋወጥ። ደሴ ላይ ግራጫው ይበዛል፣ ኮምቦልቻ ላይ ቡናማው። ሻሹ በዚያ ቀን የልጅቷ ራስ ላይ ነው፣ ፀሐይ ላይ ከፊልሙ ሁሉ ደምቆ የሚታይበት ጊዜም እሱ ነው።

ቀረጻው አልቆ ኤዲቲንግ ላይ ሲደርስ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ሥራ ትንሽ መሆን አለበት። ላት የሚባለውን ዝግጁ የቀለም ፋይል ከላይ መጫን ግን የተደከመበትን ያፈርሳል። አብዛኞቹ ጥላውን ወደ ሰማያዊ፣ ቆዳውን ወደ ብርቱካናማ ይገፋሉ። ፋኖስ ያለበት ክፍል ውስጥ ጥላው ሁሉ ሰማያዊ ከሆነ ስልኩ ሲበራ ምን ሊነቃ ነው? ሻሹ ቀድሞ ነቅቷል።

በመጨረሻ የሚታየው ነገር የማታው ድምቀት ነው። ተመልካቹ ይህን ፊልም የሚያየው በአብዛኛው ስልክ ላይ ነው፣ ምናልባትም ቀን በታክሲ ውስጥ። ኤዲተሩ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥሩ ሞኒተር ላይ ያስተካከለው ሌሊት እዚያ ላይ ጥቁር ገጽ ሆኖ ይቀርባል፣ ዩቲዩብ ሲጨምቀው ደግሞ ጥላው ውስጥ ያለው ስስ ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ ከቀኑ አምስት፣ ከማታው አምስት ምስል አውጥታችሁ አንድ ገጽ ላይ ደርድሩና ስልክ ላይ ጫኑት። ደጅ ወጥታችሁ የስክሪኑን ድምቀት ግማሽ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ከማታዎቹ ውስጥ ጥሪው ያለባቸው ላይ ሻሹ ወዲያው መታየት አለበት፣ ጥሪ የሌለባቸው ላይ ደግሞ መፈለግ። ሁለቱም ላይ እኩል ከታየ ፋኖሱ ቀዝቅዟል ወይም ጥላው ውስጥ ሰማያዊ ገብቷል። ሁለቱም ላይ ካልታየ ስልኩን የተካችው ኤልኢዲ ደክማለች፣ ወይም ሻሹ ከመጀመሪያው ጠቁሮ ተመርጧል፤ ይህኛው ደግሞ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የሚድን አይደለም።